የቤተሰብ የካርቦን አሻራ፦ በቆጣሪው ወይስ በከሰል ምድጃው?

የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የቤተሰባቸውን የካርቦን አሻራ ከኤሌክትሪክ፣ ከትራንስፖርትና ከምግብ አስልተው የተግባር ዘገባ እንዲያቀርቡ ሲታዘዙ፣ ስሌቱ ቀላል ይመስላል። የፍጆታው መጠን በልቀት ማባዣ ተባዝቶ ይደመራል። ይሁን እንጂ ማባዣው ከየት እንደተወሰደ ካልተጠየቀ፣ ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ድምዳሜው ስሕተት ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ በቡልጋሪያ ሰፈር የሚኖር አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ይታሰብ። እንጀራውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራል፣ ወጡንና ቡናውን በከሰል ያበስላል፣ በወር 250 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል። የዓመቱ ፍጆታ 3,000 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ተማሪው ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 0.45 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነውን የዓለም አማካይ ማባዣ ከወሰደ 1,350 ኪሎ ግራም ያገኛል። ነገር ግን የዓለም አማካይ በአመዛኙ የድንጋይ ከሰልና የጋዝ ውጤት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ኃይል ግን ከሞላ ጎደል ከግልገል ጊቤ፣ ከሕዳሴና ከመሳሰሉት ግድቦች እንዲሁም ከነፋስ የሚመነጭ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ጉባኤ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ለውኃ ኃይል የሰጠው የሙሉ ዕድሜ መካከለኛ ግምት 24 ግራም ነው። በዚህ ሲባዛ ውጤቱ 72 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ አንድ አምስተኛው በመስመር ላይ ይባክናል ተብሎ ቢታሰብ እንኳ ከ90 አይበልጥም።

ልዩነቱ የቁጥር ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ስሌት የተመራ ተማሪ የዘገባውን የመፍትሔ ክፍል ሲጽፍ ቤተሰቡ የኤሌክትሪክ ምጣዱን እንዲቀንስ ይመክራል። ምክሩ ቢተገበር ደግሞ እንጀራው ወደ ማገዶ ይመለሳል፤ ልቀቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ከሰል በተሰጠው ቅጽ ላይ ስፍራ የለውም፤ ቅጹ የተዘጋጀው ምግብ በኤሌክትሪክ ወይም በጋዝ ብቻ ለሚበስልበት አገር ነውና። በወር 20 ኪሎ፣ በዓመት 240 ኪሎ ከሰል የሚያነድ ቤት በእያንዳንዱ ኪሎ 3.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል፤ ድምሩ 792 ኪሎ ግራም ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የተቆረጠው ዛፍ ተተክቶ ካደገ ካርቦኑ ተመልሶ ስለሚያዝ፣ የሚቆጠረው የማይተካው ድርሻ ብቻ ነው። በሌላ በኩል በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት ጊዜ የሚወጣው ጋዝ በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። ስለዚህ ተማሪው የወሰደውን ድርሻ በግልጽ መጻፍ አለበት።

ትራንስፖርት እምብዛም አያከራክርም። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ ሚኒባስ ታክሲ በአማካይ 10 ሰው ከያዘ፣ ለአንድ ሰው በኪሎ ሜትር 28 ግራም ያህል ይደርሳል። ሁለት የቤተሰቡ አባላት ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር በዓመት 300 ቀን ቢጓዙ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ስሕተት የሚፈጠረው የመኪናው ልቀት ለተሳፋሪዎች ሳይካፈል ሲቀር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ምግብ ነው። የተለመደው ዘዴ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይዞ በ52 ማባዛት ነው። በጾመኛ ቤት ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ማስታወሻው በዐቢይ ጾም ከተያዘ የዓመቱ ሥጋ ዜሮ ይሆናል። በፋሲካ ሳምንት ተይዞ 4 ኪሎ የበሬ ሥጋ ከተመዘገበ ደግሞ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለአንድ ኪሎ የታረደ ሥጋ በሰጠው 46 ኪሎ ግራም የዓለም አማካይ ተባዝቶ 9.6 ቶን ገደማ ይደርሳል። ቤተሰቡ አንድ ነው፤ የተለያየው ሳምንቱ ብቻ ነው። የተሻለው መንገድ ዓመቱን ለሦስት መክፈል ነው፦ ጾም፣ ፍስክና በዓል። ከ180 የሚበልጡት የጾም ቀናት ሲቀነሱ 26 ሳምንታት ገደማ ይቀራሉ። በሳምንት 1 ኪሎ፣ ለበዓላት ደግሞ ተጨማሪ 10 ኪሎ ቢታሰብ 36 ኪሎ ሥጋ፣ ማለትም 1,656 ኪሎ ግራም ልቀት ይገኛል።

ሁለቱ ዘገባዎች ጎን ለጎን ይታዩ። በቅጹ መሠረት በዐቢይ ጾም የተሠራው 1,550 ኪሎ ግራም አግኝቶ 87 በመቶውን በኤሌክትሪክ ላይ ይጥላል። የተስተካከለው፣ ከሰሉ ሁሉ ከማይተካ እንጨት ነው ቢባል፣ 2,740 ያህል አግኝቶ ሥጋን አንደኛ፣ ከሰልን ሁለተኛ፣ ኤሌክትሪክን የመጨረሻ ያደርጋል።

እንግዲህ መምህራን ነጥብ ሊሰጡ የሚገባው ለድምሩ ሳይሆን፣ ማባዣው ለምን እንደተመረጠና ሳምንቱ ዓመቱን ስለመወከሉ ለቀረበው ማስረጃ ነው። በቅጹ ላይም የከሰል ረድፍ ይጨመር። ይህ ካልሆነ ተማሪው ከዓመቱ የተግባር ትምህርት ይዞ የሚወጣው ስለ ራሱ ቤት የተሳሳተ እውቀት ነው።