ሁለቱ ማኮሌቶች ለምን መሃል ላይ ይገጥማሉ?

በቴል ሞንድ መንገዶች ላይ ከላይ እስከ ታች በእግሩ የሄደ ሰው አንድ ጥያቄ ሳያነሳ አይቀርም። በመንደሩ ዳር የሚኖሩ አረጋውያን አንድ ከረጢት ወተትና አንድ ዳቦ ለመግዛት ረጅም መንገድ ይሄዳሉ። መሃል ሲደርሱ ግን አንድ ዓይነት ወተት፣ አንድ ዓይነት ዳቦ የሚሸጡ ሁለት ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረው ሊያገኙ ይችላሉ። «ምነው አንዱ እንኳ ወደኛ ቢጠጋ?» ማለታቸው ተገቢ ነው። መልሱ ባለሱቆቹ ክፉ ስለሆኑ ወይም ስለማያስቡ አይደለም። እንዲያውም በደንብ ስለሚያስቡ ነው።

ቴል ሞንድ ከናታንያ ደቡብ ምሥራቅ እ.ኤ.አ. በ1929 የተቆረቆረች፣ ስሟን ከእንግሊዛዊው ከሎርድ አልፍሬድ ሞንድ ያገኘች መንደር ናት። በአጋጣሚ በዚያው በ1929 ሃሮልድ ሆተሊንግ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብና የኢኮኖሚ ሊቅ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ የእንግሊዝ የኢኮኖሚ መጽሔት ላይ ጽፎ አወጣ። ደንበኞች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ቢኖሩ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሁለት ነጋዴዎች የት ይቆማሉ ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ቀላል ስለሆነ ያለ ሒሳብ ምልክት፣ በእግር እየሄዱ እንደሚቆጥሩት ሊነገር ይችላል።

እንግዲህ አንድ ሺህ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ መንገድ ይታሰብ። በመንገዱ ዳር በየ10 ሜትሩ አንድ ቤት፣ በጠቅላላው 100 ቤት አለ። ሁለት ማኮሌቶች አሉ። ዋጋቸው እኩል ነው፣ ዕቃቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚሄደው ለቤቱ ወደሚቀርበው ነው። ለሰዉ የሚበጀው አቀማመጥ የትኛው እንደሆነ ማንም ሽማግሌ ይነግራል፦ አንዱ 250 ሜትር ላይ፣ ሌላው 750 ሜትር ላይ ይቁም። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ 50 ቤት ያገኛል፣ ከሁሉም የራቀው ደንበኛ 250 ሜትር ብቻ ይሄዳል፣ የሁሉም አካሄድ በአማካይ ሲሰላ 125 ሜትር ነው። ለሁሉም ደግ ነው፤ ግን አይጸናም።

የማይጸናበት ምክንያት ይኸው ነው። 250 ላይ ያለው ባለሱቅ አንድ ቀን ሱቁን ወደ 350 ያዛውራል። ከበስተኋላው ያሉት ቤቶች ምን ያደርጋሉ? ሌላው ሱቅ ከዚህም ይርቃቸዋልና ከእሱ ጋር ይቀራሉ። በ350ና በ750 መካከል ያሉት ግን እኩል ይከፈላሉ፣ ድንበሩም 550 ላይ ይሆናል። ስለዚህ የተነሣው ሰውዬ አሁን 55 ቤት አገኘ፣ ያልተነሣው 45 ቀረው። ያልተነሣው ታዲያ ዝም ብሎ ያያል? እሱም በበኩሉ ወደ 650 ይመጣል፣ ድንበሩ እንደገና 500 ላይ ይሆናል። ፊተኛው ደግሞ ወደ 450 ይጠጋል፣ ኋለኛው ወደ 550። እንዲህ እንዲህ እያሉ በመጨረሻ ሁለቱም 500 ሜትር ላይ፣ በር ለበር ይገናኛሉ።

ተገናኝተው ምን አተረፉ? ምንም። መጀመሪያም 50 ቤት ነበራቸው፣ አሁንም 50 ቤት ነው ያላቸው። ሰዉ ግን ከሰረ። የዳሩ ቤት ሰው አሁን 500 ሜትር ሄዶ 500 ሜትር ይመለሳል፣ የሁሉም አማካይ አካሄድም ከ125 ወደ 250 እጥፍ ሆነ። ደግሞ ማንም ቀድሞ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። አንዱ ልቡ ራርቶ ወደ 300 ቢመለስ ድንበሩ 400 ላይ ይሆንና 40 ቤት ብቻ ይቀርለታል፣ 10ሩ ለጎረቤቱ ያልፋል። ደግነቱን የሚከፍለው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ዳር የምትኖር አንዲት አዛውንት ባለሱቁ ዕቃውን ሲጭን አይታ «ልጄ፣ ለምን ትተኸን ትሄዳለህ?» ብትለው፣ እውነቱን የሚናገር ከሆነ መልሱ እንዲህ ነው፦ «እማማ፣ እርስዎማ የትም አይሄዱብኝም። እኔ የምሻማው ከዛኛው ጋር መሃል ያሉትን ሰዎች ነው።» የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ያለው። ነጋዴ የሚሮጠው ሊያጣው ወደሚችለው ደንበኛ ነው። ሌላ የሚሄድበት የሌለው ደንበኛ በእጁ እንዳለ ዕቃ ይቆጠራል። አረጋውያን፣ መኪና የሌላቸው፣ እግራቸው የደከመ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ በላይ በእጅ ያሉ ደንበኞች ናቸው።

አንድ ሰው «የአውቶቡስ ማቆሚያስ ለምን ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ አይተከሉም?» ቢል ጥያቄው ጥሩ ነው። ማቆሚያዎቹን የሚያስቀምጠው አንድ አካል ነው። አንዱ ማቆሚያ ከሌላው ማቆሚያ መንገደኛ አይቀማም። ስለዚህ ያ አካል የሚያስበው ሰው ስንት እንደሚራመድ ነው። መሃል ላይ የሚያጣብቀው ሩጫው ነው፣ ሌላ አይደለም።

እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ የመጡ ሽማግሌዎች ገበያውን አስታውሰው ሊከራከሩ ይችላሉ። በመርካቶ በርበሬ ተራ አለ፣ ጫማ ተራ አለ፤ ነጋዴዎቹ አንድ ላይ መሰብሰባቸው ለገዢው ጥሩ ነበር እንጂ መቼ ጎዳው? እውነት ነው፣ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። በርበሬ ገዢ ከሩቅ የሚመጣው አይቶ፣ አሽትቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከአሥር ነጋዴ መርጦ ሊገዛ ነው። ነጋዴዎቹ በመሰብሰባቸው ብዙ ገዢ ይጠራሉ። ወተት ግን የትም ያው ወተት ነው፣ ማንም አያሸተውም። ለየዕለት ዕቃ ከመሰብሰቡ ገዢው የሚያገኘው ጥቅም የለም፣ ድካሙ ብቻ ይቀርለታል።

ዋጋው የተወሰነ መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። ሆተሊንግ ራሱ ነጋዴዎቹ ዋጋቸውን እየለወጡም ቢሆን ወደ መሃል ይቀራረባሉ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳስፕሬሞን፣ ጋብሼዊችና ቲስ የሚባሉ ሦስት ምሁራን ስሌቱን መርምረው እዚያ ላይ መሳሳቱን አሳዩ። ሁለት ሱቆች በር ለበር ሆነው ዋጋ በገዛ እጃቸው ከሆነ፣ አንዱ ጥቂት አጎሮት ቢቀንስ የሌላውን ደንበኛ በሙሉ ይወስዳል። ያኛውም ይቀንሳል፣ ይኸኛውም ይቀንሳል፣ ትርፍ የሚባል ነገር ያልቃል። ይህን የሚፈራ ነጋዴ ከተፎካካሪው መራቅ ይሻለዋል። ስለዚህ መሃል ላይ የመገናኘቱ ነገር ከሁሉ የሚበረታው ዋጋው በነጋዴው እጅ ባልሆነበት ቦታ ነው።

በእስራኤል ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ነው። ተራው ዳቦና ተራው ወተት መንግሥት ዋጋቸውን የሚቆጣጠራቸው ዕቃዎች ናቸው። ከዚህ የሚበልጠው ግን የኩፓት ሆሊም ነገር ነው። ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና መድን ሕግ መሠረት አራቱ ኩፖት ሆሊም፣ ክላሊት፣ መካቢ፣ መኡሄዴትና ሌኡሚት፣ በሕግ የተደነገገውን አንድ ዓይነት የሕክምና ዝርዝር ለሁሉም አባል መስጠት አለባቸው። የጤና ክፍያውንም የሚሰበስበው ቢቱዋህ ሌኡሚ ነው። እንግዲህ ለመሠረታዊው ሕክምና በዋጋ መሻማት ከሌለ በምን ይሻማሉ? በሐኪሙ፣ በሰዓቱ፣ በአቀባበሉ፣ ደግሞም በክሊኒኩ ቦታ። ክሊኒክ ከማኮሌት በላይ ወደ መሃል የሚሳብበት ምክንያት አለው ማለት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከወተት ይብሳል፤ ለደም ግፊት መድኃኒትና ለደም ምርመራ በየጊዜው የሚመላለሰው ወጣቱ አይደለም።

ሆኖም መሃል ላይ የተሰበሰበ ሁሉ በሩጫ የመጣ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። በዚህ አገር መሬት በፕላን የተመደበ ነው፤ የመኖሪያው ለመኖሪያ፣ የንግዱ ለንግድ። ዳር ላይ ሱቅ መክፈት በፕላኑ ካልተፈቀደ ባለሱቁን መውቀስ ዋጋ የለውም። መለየቱ ከባድ አይደለም። ዳር ላይ ለንግድ የተፈቀደ ቦታ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ቦታው ኖሮ ባዶ ከሆነ ጉዳዩ የነጋዴዎቹ ሩጫ ነው። ቦታው ከሌለ ጉዳዩ የሞአጻው ነው።

ሌላም ገደብ አለው። ስሌቱ የዳሩ ሰው የቱንም ያህል ቢርቅበት መሄዱን አይተውም ብሎ ነው የሚነሣው። ሰዉ ሲደክመው ግዢውን ከቀነሰ፣ ወይም የልጅ ልጁ ቅዳሜ ማታ በመኪና ከናታንያ ትልቅ ሱፐር የሳምንቱን ካመጣለት፣ ባለሱቁ ዳር ላይ ያለውን ደንበኛ እያጣ ነው። ያን ጊዜ ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ከፊት የሚያገኘውን ከኋላ ከሚያጣው ጋር ማመዛዘን ግድ ይሆንበታል፣ የሚቆመውም መሃል ሳይደርስ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ባለሱቁን «እባክህ ራራልን» ብለው ቢለምኑ ድካማቸው ከንቱ ነው፤ ራርቶ የሄደ አሥር ቤት ያጣል፣ ሌላው ይወስድበታል። ልመናው መሄድ ያለበት ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማሰር ወደሚችለው ነው። ሞአጻው የሕዝብ ቦታ ለኪዮስክ በጨረታ ሲያወጣ፣ ወይም ለአዲስ ሰፈር ፕላን ሲዘጋጅ፣ አንዱ ቦታ በዚህኛው ጫፍ፣ ሌላው በዚያኛው ጫፍ እንዲሆን ከመጀመሪያው መጻፍ ይቻላል። ተቃውሞና አስተያየት የሚቀርብበት ጊዜ በሕግ ተሰጥቷል፣ ካለፈ ግን አለፈ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሱቁ ተሠርቶ ሲያልቅ ስሞታ መጀመር ነው።

በኩፓት ሆሊም በኩል ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። አባል ከአንዱ ወደ ሌላው የመዛወር መብት አለው። አንድ አዛውንት ብቻቸውን ቢዛወሩ ማንም ላያስተውል ይችላል። የአንድ መንገድ ዳር ሠላሳ አባወራ ግን በአንድ ደብዳቤ «በሳምንት ሁለት ቀን ነርስና ሐኪም እዚህ ሰፈር ካልመጣ አብረን እንዛወራለን» ቢሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእጅ ያሉ ደንበኞች መሆናቸው ቀርቶ እንደ መሃሉ ሰው የሚሻሙባቸው ይሆናሉ። ደብዳቤው ለአንዱ ብቻ ሳይሆን ለአራቱም ቢላክ ይመረጣል። አንዱ ዝም ቢል ሌላው ሠላሳ አባወራ የሚያገኝበትን መንገድ ሳያሰላ አይቀርም፣ ስሌቱንም የሚጀምረው አንድ ክፍል የሚከራይበት ቤት ከዳሩ ሰፈር በመፈለግ ነው።