እረፍት በሌለው ፈተና ውስጥ ስለ ማረፍ

አይኤልትስ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በትምህርት ቤታችን በተነሣ ቁጥር የሚጠየቀው ስንት ቃል ማጥናት እንደሚገባ ነው። እኔ ግን አንድ ጊዜ ተፈትኜ እንዳየሁት፣ ብዙዎቻችንን የሚጥለን የቃል ማነስ ሳይሆን ሳይነሡ መቀመጥን አለመልመድ ይመስለኛል። በዚህ አሳብ የማይስማሙ ባልንጀሮች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ስለዚህ የደረሰብኝን ላውጋችሁና እናንተው ፍረዱ።

ፈተናው በኮምፒዩተር ሲሰጥ ማዳመጥ 30 ደቂቃ ያህል፣ ማንበብ 60 ደቂቃ፣ መጻፍም 60 ደቂቃ ነው። ሦስቱ የሚከታተሉ ሲሆኑ በመካከላቸው የተመደበ እረፍት የለም። መናገሩ ለብቻው ከፈታኝ ጋር የሚደረግ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም። ታላቅ ወንድሜ ግን «እረፍት ሲደርስ ሙዝ ብላ» ብሎ መክሮኝ ነበር። እርሱ የተፈተነው ቶፍል የተባለውን ሲሆን በዚያን ጊዜ በመካከሉ የ10 ደቂቃ እረፍት ነበረው። ይህም እ.ኤ.አ. በ2023 ፈተናው ሲያጥር ቀርቷል። እንግዲህ ሙዙ ከቦርሳዬ ጋር ከክፍሉ ውጭ ቀረ።

ሌላው ጥፋት የራሴ ነው። እናቴ ልታበረታታኝ ብላ በማለዳ ቡና አፈላች፤ እኔም ከአቦል እስከ በረካ ጠጣሁ። ቡናው ልቤን ከማስመታቱ በላይ በንባቡ መካከል ወደ ውጭ አስወጣኝ። ለመውጣት እጅ አውጥቶ መጠየቅ ይቻላል፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ስመለስ 4 ደቂቃ ሄዷል።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ጊዜዬን አባክኜ ነበር። ንባቡ ሦስት ምንባብና 40 ጥያቄ አለው። በመጀመሪያው ምንባብ ውስጥ «እውነት፣ ሐሰት ወይስ አልተገለጸም» ከሚሉት ጥያቄዎች አንዱ ያዘኝ። በምንባቡ የሌለን ነገር ስፈልግ 6 ደቂቃ አለፈ። የመጀመሪያው ምንባብ 26 ደቂቃ፣ ሁለተኛው ከመውጣቴ ጋር 22 ደቂቃ ፈጀ። ለሦስተኛው፣ ከሁሉም ለሚከብደው፣ 12 ደቂቃ ብቻ ቀረኝ። ከ14ቱ ጥያቄዎች ስምንቱን ባዶ ተውኩ። ይህ ደግሞ ሞኝነት ነበር፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስምና በግምት እንኳ መሙላት ይገባኝ ነበር።

የባሰው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እጄ እየጻፈ ልቤ ስምንቱ ባዶ ሳጥኖች ላይ ቀርቶ ነበር። በጽሕፈቱ ክፍል ሁለት ሥራ አለ፤ አንደኛው 150፣ ሁለተኛው 250 ቃል ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ዋጋው እጥፍ ነው። ተገቢው ክፍፍል 20 እና 40 ደቂቃ ነው። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ «አሁን ወደ ሁለተኛው እለፍ» ብሎ አያስገድድም፤ የ60 ደቂቃው ክፍፍል ለተማሪው የተተወ ነው። እኔ በአንደኛው ላይ 31 ደቂቃ ቆየሁ። ጊዜው ሲያልቅ በገጹ ግርጌ ያለው የቃል መቁጠሪያ 190 ላይ ነበር።

አሁን በሌላ መንገድ እየተለማመድኩ ነው። አብዛኞቻችን ዛሬ ማዳመጥ፣ ነገ ማንበብ እያልን እንከፋፍለዋለን። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱንም ሳልነሣ በአንድነት እሠራለሁ። ድካሙ የሚታወቀው ጽሕፈቱ ሲጀመር ስለሆነ፣ ጽሕፈትን ለብቻው የተለማመደ ሰው በደከመ ራስ መጻፍን አልተለማመደም። ለንባቡ የምይዘው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ሰዓቱ ወደ ታች ስለሚቆጥር፣ የመጀመሪያውን ምንባብ ስጨርስ 43፣ ሁለተኛውን ስጨርስ 23 ደቂቃ ሊቀረኝ ይገባል። በመካከል ሰዓቱን አላይም፤ በየደቂቃው ማየት ፍርሃትን ከማብዛት በቀር ጥቅም የለውም። አንድ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ሲይዘኝ ግምቴን ሞልቼ ምልክት አድርጌበት አልፋለሁ።

እረፍቱንም እኔው እሰጣለሁ። እያንዳንዱ ምንባብ ሲያልቅ እጄን ከጠረጴዛው አንሥቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሦስት ጊዜ በቀስታ እተነፍሳለሁ። ይህ 20 ሴኮንድ ያህል ነው፤ ከ60ው ደቂቃ ውስጥ አንዷን ብቻ ይወስዳል። አንድ ጓደኛዬ ይህን «ጊዜ ማባከን» ይለዋል። እኔ ግን ዓይኔ ፈዝዞ አንድን አረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሳነብ ከዚህ የበለጠ አባክኜ ነበር።

በማዳመጡ ላይ ይህ አይሠራም፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል። በዚያ ላይ ያመለጠንን ቃል ማሳደድ ቀጥለው የሚመጡትን ሁለት መልሶች ያስጠፋል። ያመለጠውን ትቶ ዓይንን ወደሚቀጥለው ጥያቄ መወርወር ይሻላል። በወረቀት ፈተና የሚታወቀው የ10 ደቂቃ መገልበጫም በኮምፒዩተሩ የለም፤ መጨረሻ ላይ መመልከቻ 2 ደቂቃ ብቻ አለ።

በሚመጣው ወር ዳግመኛ እፈተናለሁ። እናቴ ቡናውን እንደምታፈላ ነግራኛለች። አቦሉን ብቻ ጠጥቼ እንደምሄድ ብነግራት ቅር አላት፤ በኋላ ግን ከፈተና እስክመለስ ጀበናውን ከምድጃው ላይ እንደማታወርደው ነገረችኝ።