ካርዱ ከመደምሰሱ በፊት

ይድረስ በሰባተኛ ሰፈር ላለው ደብራችን የድምፅ ክፍል አገልጋዮች፣ በተለይም አብረን ለሸመገልነው።

የስብከት ቅጂ የሚጠፋው ዲስክ ሲበላሽ ብቻ አይደለም። ዲስኩ ላይ እያለም ይጠፋል። የማስጠነቅቃችሁ ስለዚህኛው ጥፋት ነው፤ ድምፁን ሰምተን የሰባኪውን ማንነት የምንለየው እኛ ነንና፣ እኛ ካለፍን የሚቀረው ፎልደሩ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው።

እስቲ ይህን የፎልደር ስም ተመልከቱ፦ `2012-01-01`። በእኛ አቆጣጠር ካነበባችሁት መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎት ከሆነ ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 2004 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ይቀሩታል። ሦስተኛም ንባብ አለው፦ ባትሪው ያለቀበት መቅጃ ሰዓቱ በፋብሪካ ወደ ተሞላለት ቀን ይመለሳል፤ ያ ቀን በብዙዎቹ ላይ የፈረንጅ ጥር 1 ነው። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ ስለ ስብከቱ የሚነግረን ነገር የለም።

«ዘመኑን ሰምተን እንለያለን» የሚል ከመካከላችሁ አይጠፋም። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። 2012 ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ 2004ም ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ወንጌላውያን በየአራት ዓመቱ ስለሚዞሩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ብትሄዱ ያንኑ ወንጌላዊ ታገኛላችሁ። ማዳመጥ ያለባችሁ መምህሩ ጉባኤውን የሚከፍትበትን ቃል ነው። «እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ» ካለ መስከረም ነው፤ ስለ ጾመ ነቢያት እያሳሰበ ከጀመረ ታኅሣሥ ነው። ሁለቱንም ካላለ መልሱን የሚያውቀው በዚያ ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ስሙ በዚያው ማታ፣ የሰማ ሰው ባለበት ይጻፍ። አጻጻፉም እንዲህ ይሁን፦

```
2012-01-መስከረም-01_ራጉኤል_የመምህሩ-ስም_ርእስ
```

ዓመቱና የወሩ ቁጥር ፎልደሮቹን በቅደም ተከተል ያሰልፋሉ፤ የወሩ ስም ደግሞ በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ ጥርጥር አያስቀርም። ከአሥር በታች ላለ ቁጥር ዜሮ ይቅደም፤ አለዚያ ሰኔ ከጥቅምት ቀድሞ ሊሰለፍ ይችላል። ጳጉሜን 13 ተብላ ትጻፍ፤ የፎልደር ስም ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ አሥራ ሦስተኛ ወርን አይከለክልም። ቀኑን በእዝባር ለመጻፍ ግን አትድከሙ፤ ዊንዶውስ አይቀበለውም። የመምህራኑን ስም ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ አንድ ዝርዝር እናጽና። አንዱ «ሥላሴ» ሌላው «ስላሴ» ብሎ ከጻፈ ፍለጋው ግማሹን ብቻ ያመጣል፤ የሞክሼ ፊደል ክርክራችንን ለሻይ ሰዓት እናቆየው።

ወደ ቅየራው ልምጣ። መቅጃችን በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ስቴሪዮ ሲቀዳ በሰዓት አንድ ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ብዙ መቅጃዎች 2 ጊጋባይት ላይ ሲደርሱ ፋይሉን ቆርጠው ሌላ ይጀምራሉ፤ ይህም ከሁለት ሰዓት ጥቂት እልፍ ሲል ነው። መዝሙሩና ማስታወቂያው ረዝሞ ስብከቱ ዘግይቶ በጀመረበት ጉባኤ፣ የስብከቱ ማጠቃለያ የሚገኘው በሁለተኛው ቁራጭ ውስጥ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ገልብጦ ካርዱን የደመሰሰ ሰው ስብከቱን ከወገቡ ቆርጦታል። ካርዱ ላይ ያለው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ዲስኩ ይገልበጥ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ በዚህ ትእዛዝ ይቀየር፦

```
ffmpeg -i 01.wav -ac 1 -b:a 64k 01.mp3
```

ይህ ድምፁን ወደ አንድ መስመር አዋሕዶ በሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ያወርደዋል፤ ለንግግር ይበቃል። መዝሙር ግን እንዲህ አይጨመቅ፤ በገናው ይደበዝዛል። አንዴ ኤምፒስሪ የሆነውንም መልሳችሁ አትቀይሩ፤ በተጨመቀ ቁጥር ድምፁ ይጎድላል።

በቅየራው መሀል መብራት ከሄደ የተጀመረው ፋይል ተከፍቶ ይጫወታል፤ ስለዚህ «ሰምቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ማለት አይበቃም። የዋናውንና የተቀየረውን ርዝመት አስተያዩ። ዋናው 1:12:40 ከሆነ የተቀየረውም 1:12:40 መሆን አለበት፤ የአንድ ሰከንድ ልዩነት አያስጨንቅም፣ የደቂቃ ግን ያስጨንቃል። ከዚያም የመጨረሻውን ደቂቃ አጫውቱና ቡራኬው መኖሩን በጆሯችሁ አረጋግጡ።

ዋናው ቅጂ በሁለት ዲስኮች ላይ ይቀመጥ፤ አንደኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጭ ይደር። ካርዱ ሌላ ሰው ርዝመቱን አይቶ መዝገቡ ላይ እስኪፈርም ድረስ አይደምሰስ። መርካቶ መሀል ተቀምጠን «ካርድ አጣን» ብሎ መቸኮል ለሰሚውም አይመችም፤ ሌላ ካርድ እንግዛ።

ስም የሌላቸውን የድሮ ፎልደሮች በተመለከተ፣ በመጪው ቅዳሜ ከሠርክ ጉባኤ በፊት ቢሯችን ተሰብስበን የእያንዳንዱን የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ እንሰማለን። ቀኑን መለየት ያቃተንን `ቀኑ-ያልታወቀ` በሚል ፎልደር እናስቀምጠዋለን እንጂ በግምት ቀን አንሰጠውም። የድሮ መምህራንን ድምፅ የሚለዩ ግን እግራቸው የማይፈቅድላቸው እናቶችና አባቶች ካሉ ንገሩኝ፤ ድምፁን በስልክ ጭነን ቤታቸው እንሄዳለን።