የዕቁብ ገንዘብ ባንክ ሲገባ

አንዲት የማውቃቸው እናት የዕቁብ ተራ ደርሷቸው 60,000 ሸቀል በጥሬው ይዘው ባንክ ሄዱ። ፈኪዳዋ «ገንዘቡ ከየት መጣ?» ስትላቸው፣ ዕቁብን በዕብራይስጥ ማስረዳት ቢከብዳቸው «ስጦታ ነው» አሉ። «ማን ሰጠዎት?» ስትል ግን መልስ አጡ። ገንዘቡንም ይዘው ተመለሱ።

ጥያቄው ስድብ አይደለም። ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከለክለው የ2000 ሕግ ባንኮችን እንዲጠይቁ ያስገድዳል፤ 50,000 ሸቀልና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባም ባንኩ ለሚመለከተው የመንግሥት ባለ ሥልጣን ያሳውቃል። ማሳወቅ መክሰስ አይደለም። በእኔ አስተያየት የእኒህ እናት ስህተት የገንዘቡን ስም መቀየራቸው ነው። ሌሎች ደግሞ «ዛሬ 30,000፣ ነገ 30,000 አስገቡ» ብለው መከሯቸው። ይህ ይብሳል፤ ሪፖርትን ለማምለጥ ብሎ መከፋፈል ራሱ ወንጀል ነው።

እውነቱ ግን ቀላል ሂሳብ ነበር። ዕቁብተኛው 24 ሰው ነው፤ እያንዳንዱ በወር 2,500 ይጥላል። ዕጣው በ15ኛው ወር ወጣላቸው። እንግዲህ 37,500ው የራሳቸው ቁጠባ ነው፤ 22,500ው በቀሩት ዘጠኝ ወራት የሚከፍሉት ዕዳ ነው። ለባንኩ መነገር ያለበት እንዲሁ ተለይቶ ነው።

ማስረጃው ምንድን ነው? የዕቁቡ ደብተር ቅጂ፣ ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት፣ የአባላቱ ስም፣ የተኡዳት ዜሁት ቁጥርና ዕጣው የወጣበት ቀን ያለበት አንድ ገጽ ደብዳቤ፤ በዕብራይስጥ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ግን ከደብተሩ ይልቅ የምተማመነው በራሳቸው የባንክ ሂሳብ መግለጫ ነው። ደብተሩን ወዳጅ ይጽፈዋል፤ መግለጫውን የሚያወጣው ባንኩ ራሱ ነው። በየወሩ መጀመሪያ 2,500 ሸቀል ወጪ መሆኑ ለ15 ወራት ከታየ፣ ደብተሩን የሚደግፍ ምስክር ተገኘ ማለት ነው። ከኪስ የተከፈለ ወር ካለ ደግሞ የዚያን ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፣ ትሉሹን፣ አብሮ ማያያዝ ነው።

እኒህ እናት በሳምንቱ ከልጃቸው ጋር ይህን ሁሉ ይዘው ሄዱ፤ «ቀድሞ ስጦታ ያልኩት ተሳስቼ ነው» ብለውም ነገሯት። ፈኪዳዋ ወረቀቱን ኮፒ አድርጋ፣ አለቃዋን ጠይቃ ተቀበለቻቸው። ሁሌ እንዲህ ላይቀና ይችላል። እምቢ ከተባላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

ለዕቁብ ዳኞችም አንድ ቃል አለኝ። የሰውን ሁሉ ገንዘብ በራሳችሁ ሂሳብ አታጠራቅሙ፤ ሂሳቡ ሲከፈት «በዚህ ውስጥ ያለው ገንዘብ የእኔ ብቻ ነው» ብላችሁ ፈርማችኋል። ይልቅ አባላቱ ተራው ለደረሰው ሰው በቀጥታ በባንክ ያስተላልፉ፣ ምክንያቱ ላይም «ዕቁብ» ብለው ይጻፉ። ያኔ የ23ቱ ሰዎች ስምና ቀን በባለ ዕጣው መግለጫ ላይ ተጽፎ ይገኛል።