ማንም ሳይገባባት ያደገች ከተማ

«ከተማዋ በአሥር ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገች» የሚል ዜና ሲመጣ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ጭብጨባ ወይም ወደ ድንጋጤ ይሄዳል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ የያኔዋ ከተማ ወሰን የት ነበር? የአሁኗስ?

የአሜሪካዋን ጃክሰንቪል እንይ። በፍሎሪዳ ግዛት ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ያለች ከተማ ናት። በ1950 (ዘመኑ ሁሉ እዚህ በፈረንጅ ነው) ወደ 204 ሺህ ሰው ነበራት፤ በ1960 ወደ 201 ሺህ ወረደች። ሕዝቡ፣ በተለይም ነጩ፣ ከመሀል ከተማ እየለቀቀ ወደ ዳርቻው ይሄድ ነበር። በ1970 ቆጠራ ግን ከተማዋ ከ500 ሺህ በላይ ሆና ብቅ አለች። ከ150 በመቶ በላይ ዕድገት መሆኑ ነው! ስትመነምን የነበረች ከተማ በአንድ ቆጠራ ተአምር ሠራች ማለት ነው?

ተአምሩ የተሠራው በካርታ ላይ ነው። ነዋሪው በ1967 ድምፅ ሰጠና ከጥቅምት 1968 ጀምሮ ከተማዋና በዙሪያዋ ያለው ዱቫል ካውንቲ አንድ አስተዳደር ሆኑ። ወደ 80 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው የከተማዋ ስፋት፣ ውኃውን ትተን የብሱ ብቻ ከ1,900 በላይ ሆነ። ይህ ማለት የአዲስ አበባ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ውስጡም ጫካና ረግረግ ሳይቀር አለ።

እውነቱን ማግኘት ከባድ አይደለም። ወሰኑን ሳያንቀሳቅሱ ያንኑ መሬት ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። የዱቫል ካውንቲ ሕዝብ በ1960 ወደ 455 ሺህ፣ በ1970 ደግሞ ወደ 529 ሺህ ነበር። ዕድገቱ 16 በመቶ፣ ጭማሪው 74 ሺህ እንኳ አይሞላም። ከተማዋ ግን ከ300 ሺህ በላይ «አዲስ ነዋሪ» አስመዝግባለች። እንግዲህ ከአራቱ «አዲስ ነዋሪዎች» ሦስቱ ያህል ዱሮም እዚያው ቤታቸው ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ያልተንቀሳቀሰ ሰው ከተማ ገባ ተብሎ ተቆጠረ።

ውህደቱ በቂ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይደለም። የከተማዋ ባለሥልጣናት በሙስና ተከሰው ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቹም እውቅናቸውን ተነጥቀው ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ የሸፈነው ሌላ ጉዳይ አለ። በ1960 ከከተማዋ ነዋሪ 41 በመቶው ጥቁር ነበር፤ በ1970 ወደ 22 በመቶ ወረደ። ጥቁሮቹ ከተማዋን ለቀው አልሄዱም፤ ነጮች የበዙበት ዳርቻ ተደመረባቸው እንጂ። ከንቲባ ለመምረጥ የተቃረበ ድምፅ በአንድ ሌሊት አናሳ ሆነ። ሠንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ሰው ግን የሕዝብ ፍልሰት ይመስለዋል።

መዘዙ ዛሬም አላበቃም። በ2020 ቆጠራ ጃክሰንቪል 950 ሺህ ያህል፣ ማያሚ ደግሞ 442 ሺህ ያህል ሰው ተቆጠረባቸው። ስለዚህ «የፍሎሪዳ ትልቋ ከተማ» ጃክሰንቪል ተባለች። ማያሚ ግን የብሷ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች በሆነ ወሰን ውስጥ ታጥራ የቀረች ናት። አጥሩን አልፎ የተያያዘው የከተማ ክልል ሲቆጠር የማያሚው ከ6 ሚሊዮን ይበልጣል፤ የጃክሰንቪሉ 1.6 ሚሊዮን ነው።

የጃክሰንቪሉ በአንድ ጊዜ ስለሆነ ቢያንስ ዓይን ላይ ይወድቃል። ክፉው ቀስ በቀስ የሚደረገው ነው። የኦሃዮዋ ኮለምበስ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የውኃና የፍሳሽ መስመር የፈለገን አካባቢ ሁሉ «መጀመሪያ ወደ ወሰኔ ግባ» ትል ነበር። በዚህ መንገድ በ60 ዓመት ውስጥ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ስፋቷ ከአምስት እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ሕዝቧ ከ376 ሺህ ወደ 787 ሺህ አደገ። አካባቢው በእርግጥ አድጓል፤ ግን መሬቱ አምስት እጥፍ፣ ሰዉ ሁለት እጥፍ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የሚታየው ያለማቋረጥ የሚወጣ መስመር ብቻ ነው፤ የተጨመረው መሬት የለበትም።

የእኛን ቤት ደግሞ እንመልከት። መጨረሻ የተቆጠርነው በእኛ አቆጣጠር በ1999 ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ በ2014 የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን እንደገና ተሠመረ፤ ቀጥሎም ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን «ሸገር ከተማ» በሚል ስም ተጠቃለሉ። ቀጣዩ ቆጠራ ሲደረግ አንዱ ባለሥልጣን «ይህን ያህል በመቶ አደግን» ይላል፤ ሌላው «ሕዝባችን ተወሰደ» ይላል። በጀትም፣ የምክር ቤት መቀመጫም በዚያ ቁጥር ይከፋፈላል። ስለዚህ ቆጣሪው መሥሪያ ቤት ከወዲሁ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ የ1999ኙን ቁጥር በቀበሌ ደረጃ አፍርሶ፣ በአዲሱ ወሰን ልክ ደግሞ ደምሮ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያትም።