ማጉያን የሚያናውጠው መዘግየት ነው

አንድ ማጉያ ምንም ሳይገባበት በራሱ ሲወዛወዝ በአብዛኛው የሚወቀሰው የማጉላት አቅሙ ነው። ነገር ግን አቅም ብቻውን አያናውጥም፤ የሚያናውጠው ዘግይቶ የሚመለስ እርማት ነው።

አሉታዊ ግብረ መልስ ከውጤቱ የተወሰነውን ወደ መግቢያ መልሶ ይቀንሳል፤ ስህተቱም ይጠባል። ሙቅ ውሃው ቆይቶ በሚደርስበት ሻወር ስር የቆመ ሰው ግን ገና አልሞቀም ብሎ ቧንቧውን አብዝቶ ያዞራል፣ ሲያቃጥለው ደግሞ አብዝቶ ይመልሳል። በሰርኪዩቱ ውስጥ ይህ መዘግየት በፌዝ ዲግሪ ይለካል። 180 ዲግሪ ሲሞላ መቀነስ የነበረበት መልስ መደመር ይሆናል። በዚያ ድግግሞሽ ዙሩን ጨርሶ የሚመለሰው ሲግናል መጠኑ ካልቀነሰ ውዝዋዜው ራሱን ይመግባል። የፌዝ ማርጂን የሚባለው የዙሩ ማጉላት 1 በሚሆንበት ድግግሞሽ ላይ እስከ 180 የቀረው ዲግሪ ነው። 60 አካባቢ ከሆነ ማጉያው የተረጋጋ ነው፤ ከ30 ሲያንስ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይንቀጠቀጣል።

መፍትሔው መዘግየቱ ሳይከማች ማጉላቱን አስቀድሞ ማውረድ ነው። ፌርቻይልድ በ1968 ያወጣው 741 ማጉያ በውስጡ 30 ፒኮፋራድ ገደማ የሆነ ካፓሲተር አለው። በዚህ ምክንያት 200,000 ገደማ የሆነው ማጉላቱ ከ5 ሄርዝ አካባቢ ጀምሮ ይወርድና በ1 ሜጋሄርዝ አካባቢ 1 ይሆናል። ይህ ካፓሲተር ብቻውን የሚያመጣው መዘግየት ከ90 ዲግሪ አያልፍም። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ ውጤቱ በአንድ ማይክሮሰከንድ ከግማሽ ቮልት ገደማ በላይ መውጣት አይችልም።

ካፓሲተሩ ግን ከውጭ ለሚመጣ መዘግየት ዋስትና አይሆንም። ውጤቱ በሙሉ ወደ መግቢያ የሚመለስበት፣ ምንም የማያጎላ ፎሎወር ከሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የዙሩ ማጉላት ትልቅ ስለሆነ ለመረጋጋት ከሁሉ አስቸጋሪው እሱ ነው። በ741 ፎሎወር ላይ 10 ናኖፋራድ ያለው ረጅም ኬብል ብንሰካ፣ ከ75 ኦም ገደማ የውስጥ ሬዚስታንስ ጋር ተጣምሮ በ212 ኪሎሄርዝ አዲስ መዘግየት ይጀምራል። የዙሩ ማጉላት 1 የሚሆነው በ440 ኪሎሄርዝ አካባቢ ነው፤ እዚያ አዲሱ መዘግየት ብቻውን 64 ዲግሪ ይሆናል። ከ90ው ጋር ሲደመር የሚቀረው ማርጂን ከ26 ዲግሪ አይበልጥም።

ይህን ለማየት ትንሽ ስኩዌር ዌቭ አስገብቶ በኦሲሎስኮፕ መመልከት ይበቃል፤ ጫፉ ከመጠን አልፎ ብዙ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ማርጂኑ ጠቧል። ግብረ መልሱን ከማጉያው የውጤት እግር ላይ ወስደን በእሱና በኬብሉ መካከል 100 ኦም ሬዚስተር ብናስገባ ማርጂኑ ወደ 80 ዲግሪ ይጠጋል። ኬብሉ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ግን በሬዚስተሩ ምክንያት ትንሽ ይዘገያል፤ ከባድ ጭነት ካለበትም ይቀንሳል። ስለዚህ ማጉያው ሲንቀጠቀጥ የበለጠ ፈጣን ከመግዛት በፊት መዘግየቱ ከየት እንደመጣ ይፈለግ።