ከኢንቨስትመንት በፊት የክፉ ቀን ገንዘብ፦ ስንት ይበቃል?



ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለችው ሰዓት መስጂድ ውስጥ ከሚጠይቁን ወጣቶች የብዙዎቹ ጥያቄ ስለ ገንዘብ ሆኗል። «ይህን አክሲዮን መግዛት ሐላል ነው?» «ከጓደኛዬ ጋር ባጃጅ ብንገዛ ትርፉን እንዴት እንካፈል?» ይሉናል። ሐላልን ፈልጎ መጠየቅ ያስመሰግናል። እኛ ግን ከመመለሳችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ «ነገ ደመወዝህ ቢቋረጥ፣ ወይም እናትህ ታመው ሆስፒታል ቢገቡ፣ ሳትበደር የምታወጣው ስንት ብር አለህ?» አብዛኛው ዝም ይላል።

የምንጠይቀው ያየነው ነገር ስላለ ነው። አንድ ወንድማችን ያጠራቀመውን ሁሉ አክሲዮን ገዛበት። ግዢው ሐላል ነበር። በአራተኛው ወር እናቱ ታመሙ። ለአክሲዮኑ ገዥ ማግኘት ጊዜ ይፈልጋል፤ ሕመም ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። በመጨረሻ በወለድ ተበደረ። ሐላል ፍለጋ የወጣ ሰው ሪባ ላይ ወደቀ። ስህተቱ አክሲዮኑ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነበር።

አንዳንዶች «ገንዘብ ማስቀመጥ የተወኩል ጉድለት ነው» ይላሉ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከበኒ ነዲር ይዞታ ከሚገኘው ቴምር ለቤተሰባቸው የዓመት ቀለብ ያስቀምጡ እንደነበር ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በሶሒሕ አል-ቡኻሪ ውስጥ አለ። ከእርሳቸው የበለጠ ተወኩል ያለው ማን አለ? ልብ በሉ፣ ልኩ የተሠራው በቤተሰቡ ቀለብ ነው።

የእኛም አቋም ከዚሁ ይነሳል። ብዙ ሰው «የ3 ወር ወይም የ6 ወር ደመወዝ አስቀምጥ» ሲባል ሰምቶ በዚያው ይሄዳል። ደመወዝ ግን ልክ አይሆንም። እኩል 20,000 ብር የሚከፈላቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ብቻውን የሚኖር፣ ሌላው ስድስት ነፍስ የሚያስተዳድር ከሆነ፣ የክፉ ቀን ገንዘባቸው እኩል ሊሆን አይችልም። መለካት ያለበት ቤቱ ያለ ደመወዝ በወር የሚፈልገው ወጪ ነው። በዚያ ላይ የቤተሰቡ ድንገተኛ ነገር ይጨመራል። ብዙ ሰው የሚያስተዳድር ሰው የራሱ ሕመም ብቻ ሳይሆን የሁሉም ሕመም እርሱ ጋ ይመጣል።

በአንድ ምሳሌ እንየው። በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ወንድም አለ እንበል። እጁ ላይ የሚደርሰው 20,000 ብር ነው። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፣ ገጠር ላሉ እናቱ ይልካል፣ ዩኒቨርሲቲ ያለ ታናሽ ወንድሙን ይደግፋል። የቤት ኪራይ 4,500፣ ምግብ 6,500፣ ትራንስፖርት 1,200፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 600፣ የልጆች ትምህርት 1,200፣ ለእናቱ 1,500፣ ለወንድሙ 800። ድምሩ 16,300 ብር ነው። 1,200 ብር ለልዩ ልዩ ወጪ ሲሄድ 2,500 ይተርፈዋል።

ሥራው ቢቆም ምን ይቀንሳል? ወደ ሥራ መመላለሱ ስለሚቀር ከትራንስፖርቱ 800 ብር ይቀንሳል፤ ልዩ ልዩው ይቀራል። ኪራዩ፣ ምግቡ፣ የእናቱ 1,500 ግን አይቀሩም። ብዙዎች ሲያሰሉ ለወላጅ የሚላከውን ይረሱታል፤ እናት ግን ልጃቸው ሥራ ስላቆመ መብላት አያቆሙም። ስለዚህ የቤቱ ልክ በወር 15,500 ብር ነው።

ለስንት ወር? በሙያው ሥራ የለቀቁ ጓደኞቹን ይጠይቅ፤ ሌላ ሥራ እስኪያገኙ ስንት ወር ፈጀባቸው? አራት ወር ካሉት አራቱን ይያዝ። ሚስቱም ደመወዝተኛ ብትሆን ሁለት ወር ሊበቃ ይችላል። በኮንትራት የሚሠራ ግን እስከ ስድስት ወር ቢያስብ ይሻለዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ1 እስከ 9 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚገባው እናውቃለን። ነገር ግን ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ምክንያቶች አሉ፣ የሚከፍለው ያጣ ድርጅትም አለ። ስለዚህ ከሒሳቡ ውስጥ አናስገባውም። 15,500 በ4 ሲባዛ 62,000 ብር ይሆናል።

አሁን ድንገተኛውን እንጨምር። ባለፉት ሦስት ዓመታት ሳይታሰቡ የመጡ ወጪዎችን በወረቀት ይጻፍ። የእናት ሕክምና 14,000፣ ቤት መቀየር 9,000፣ ለለቅሶ ወደ አገር ቤት መጓዝ 5,000 ወጥቶ ከነበረ፣ ትልልቆቹ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢመጡ 23,000 ይሆናል። የዒድ ልብስና የመስከረም የትምህርት ክፍያ እዚህ አይገቡም፤ ቀናቸው ይታወቃልና በየወሩ ለብቻ ይቆጠብላቸው። ሙሉው ግብ እንግዲህ 85,000 ብር ነው።

በወር 2,500 ለሚቆጥብ ሰው ይህ 34 ወር ነው። እውነት ነው፣ ረጅም ነው። ስለዚህ በደረጃ እንከፍለዋለን። መጀመሪያ ለድንገተኛው 23,000፤ ከ9 ወር ትንሽ ያልፋል። ቀጥሎ የሁለት ወር የቤት ወጪ 31,000። ሁለቱ ተደምረው 54,000 እስኪሞሉ፣ ማለትም ለ22 ወር ያህል፣ አንድ ብር እንኳ ኢንቨስት አይደረግ እንላለን። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ለሁለት ይከፈል፦ 1,250 ግቡን ለመሙላት፣ 1,250 ለሐላል ኢንቨስትመንት።

«ብር በየዓመቱ አቅሙ እየደከመ ለምን እናስቀምጥ?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፣ ይደክማል። ለዚህም ነው ከግቡ በላይ በጥሬው አታስቀምጡ የምንለው። እስከ ግቡ ድረስ ያለውን ግን ወለድ ደጃፍ ላለመቆም የከፈልነው ዋጋ አድርገን እንየው።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? ከደመወዝ ሒሳብ በተለየ የወዲዓ ሒሳብ፣ ከወለድ ነፃ በሆነ ባንክ ወይም መስኮት። በሙዷረባ የሚቀመጥ ገንዘብ ትርፍ ሊያስገኝ ቢችልም ኪሳራም ሊደርስበት ይችላልና ለመጀመሪያው 23,000 አይሆንም። እቁብ ለቁጠባ ጥሩ ነው፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ግን አይታወቅም። ወርቅም ሲሸጥ የእጅ ዋጋው አይመለስም።

ሒሳቡ በዓመት አንዴ ይታደስ። ዘካችንን በምናሰላበት ቀን ብናደርገው አይረሳም። ወንድሙ ተመርቆ ሥራ ከያዘ ግቡ ይቀንሳል፤ ኪራይ ከጨመረ ይጨምራል። «ለክፉ ቀን ነው» ማለት ዘካን አያስቀርም፤ ገንዘቡ ካላችሁ ሌላ ገንዘብ ጋር ኒሷብ ደርሶ የጨረቃ ዓመት ከዞረበት ከ40 አንዱ ይወጣል። በ85,000 ላይ 2,125 ብር ማለት ነው።

አክሲዮኑን ለመጠየቅ ለመጣ ወንድም እንግዲህ የመጀመሪያ መልሳችን ይህ ነው፦ ዛሬ ማታ ከቤተሰብህ ጋር ቁጭ በልና የቤትህን የወር ልክ ጻፍ። ስለ አክሲዮኑ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን፤ ከሪባም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም።